ስለ ጉሊት የነዋሪውን አስተያየት ለሚሰበስበው መሥሪያ ቤት፦ ጥያቄ ቁጥር 3 እንደገና ይጻፍ

ይድረስ፦ በጅማ ከተማ በመንገድ ዳር ጉሊት ጉዳይ የነዋሪዎችን አስተያየት በመሰብሰብ ላይ ለሚገኘው መሥሪያ ቤት

ጉዳዩ፦ በመጠይቁ ውስጥ መልስ ሰጪውን ወደ አንድ ወገን የሚመሩ አነጋገሮች እንዲታረሙ ስለመጠየቅ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጎረቤቴ ቤት ቡና ስንጠጣ አንዲት ታብሌት የያዘች ወጣት መረጃ ሰብሳቢ በሩን አንኳኳች። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ እያለ የሚጠራቸው እናት ናቸው። «ግቢ ልጄ፣ ቡናው ገና አቦል ነው» ብለው አስቀመጧት፤ እርሷም በሚገባ ራሷን አስተዋውቃ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃ፣ መጠይቁን ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ስኒዬን አስቀምጬ ማዳመጥ ያዝሁ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«የከተማችንን ገጽታ እያበላሹና የእግረኛ መንገድ ዘግተው ለትራፊክ አደጋ መንስኤ እየሆኑ ያሉ ሕገ ወጥ የጉሊት ነጋዴዎች ወደተዘጋጀላቸው ዘመናዊ የገበያ ማዕከል ቢዛወሩ ተገቢ ነው ብለው ያምናሉ? ሀ. አዎ  ለ. አይደለም»

እማማ ሳያመነቱ «አዎ፣ ተገቢ ነው እንጂ» አሉ። ልጅቷም ነካ አድርጋ አለፈች። ከሄደች በኋላ «እማማ፣ እውነት እነዚህ ጉሊቶች ከዚህ ይነሱ ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ ለምን ይነሳሉ! ሽንኩርቴን ከየት ልገዛ ነው?» አሉኝ። «ቅድም ተገቢ ነው ብለው የለ እንዴ?» ስላቸው ትንሽ አሰቡና «እሷማ የጠየቀችኝ ከተማው ይበላሽ ወይ፣ ሰው በመኪና ይገጭ ወይ ብላ ነው። ይህን ማን ይሁን ይላል?» ብለው መለሱልኝ።

ለዓመታት በመረጃ ሰብሳቢነት፣ ኋላም በመጠይቅ አዘጋጅነት የሠራሁ የጅማ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጉሊቶቹ ይነሱ ወይም ይቆዩ ለማለት አይደለም። በዚያ ጉዳይ የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ እዚህ ግን ቦታው አይደለም። የምጽፈው በዚህ ጥያቄ የሚሰበሰበው «አዎ» የነዋሪው አስተያየት ሳይሆን የጥያቄው የራሱ ማሚቶ ስለሚሆን፣ የመረጃ መሰብሰቡ ሥራም በሌሎች ቀበሌዎች ገና ስለሚቀጥል፣ ከመቀጠሉ በፊት መታረም ስለሚችል ነው።

የተደበቀው ነገር ያለው በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ነው። አማርኛችን ገላጩን ከስሙ በፊት፣ ዋናውን ግስ ደግሞ በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። በዚህም ምክንያት «እያበላሹ ያሉ»፣ «መንገድ ዘግተው»፣ «መንስኤ እየሆኑ ያሉ» የሚሉት ሐረጎች ሰሚው ምን እንደተጠየቀ ከማወቁ በፊት ተነብበው ያልቃሉ። ጥያቄው «ያምናሉ?» ላይ ሲደርስ የተጠየቀው ስለ መዛወሩ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ እንደተረጋገጠ ነገር ታልፏል። ሰሚው «አዎ» ቢል እነዚያንም አጽድቋል፤ «አይደለም» ቢልም የካደው መዛወሩን እንጂ ክሱን አይደለም። ገጽታ ይበላሻል የሚለውን ሊቀበልም ላይቀበልም የሚችልበት ቦታ በመጠይቁ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለውን ለማግኘት ቀላል መንገድ አለ፦ ጥያቄውን ወስዶ «የ…»፣ «እየ… ያሉ»፣ «…ው» የሚሉትን ገላጮች እያንዳንዳቸውን ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መለወጥ። «ጉሊቶች የከተማዋን ገጽታ ያበላሻሉ።» «ጉሊቶች የእግረኛ መንገድ ዘግተዋል።» «ጉሊቶች ለአደጋ መንስኤ ሆነዋል።» «ጉሊቶች ሕገ ወጥ ናቸው።» «ለእነርሱ የሚሆን ማዕከል ተዘጋጅቷል።» «ማዕከሉ ዘመናዊ ነው።» አንድ ጥያቄ ውስጥ ስድስት መግለጫ አለ ማለት ነው። ከስድስቱ መካከል ማንኛውም መልስ ሰጪ ሊከራከርበት የሚችል አንድ እንኳ ካለ ጥያቄው ታርሞ መጻፍ አለበት።

ከስድስቱ ሁለቱን ለይቼ ላንሳ። የመጀመሪያው «ሕገ ወጥ» የሚለው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ «ፈቃድ የላቸውም እኮ፤ ታዲያ ሕጋዊ እንበላቸው?» ሊል ይችላል፤ ይህ ተገቢ መልስ ነው፣ በሚገባም ልመልስበት። አንድ ቃል እውነት ሆኖም ለጥያቄ የማይመች ሊሆን ይችላል። «ሕገ ወጥ» በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ፈቃድ አለመኖርን ብቻ ይገልጽ ይሆናል፤ በሰፈር ጆሮ ግን ከኮንትሮባንድና ከዘረፋ ጋር አብሮ የሚሰማ ቃል ነው። «ሕገ ወጥ» ተብሎ የተጠራን ሰው ባለበት ይቀጥል ማለት ለመልስ ሰጪው ሕግ ይጣስ እንደማለት ሆኖ ይሰማዋል፤ ያውም መረጃ ሰብሳቢዋ ከመሥሪያ ቤት መታወቂያ ጋር ፊቱ ተቀምጣ። «በመንገድ ዳር የሚሸጡ ሰዎች» ቢባል ጠፍቶ የሚቀር መረጃ የለም፤ ሁሉም ሰው እነማን እንደተባሉ ያውቃል። የፈቃዱ ጉዳይ ለውሳኔው የሚያስፈልግ ከሆነ «በመንገድ ዳር ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብለው ያስባሉ?» ተብሎ ለብቻው መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው «የተዘጋጀላቸው» ውስጥ ያለችው ትንሿ «ላቸው» ናት። ብዙ ሰው አያስተውላትም። «የተዘጋጀ» እና «የተዘጋጀላቸው» ሩቅ ናቸው፤ «ላቸው» ስትጨመር ነገሩ ለእነርሱ ጥቅም የተደረገ ውለታ ይሆናል። ተቃራኒውን ብንሞክር እንዲህ ይሆናል፦ ጉሊት ቸርቻሪዎቹ ራሳቸው መጠይቁን ቢያዘጋጁት ኖሮ «ወደሚወሰዱበት» ወይም «ወደሚጣሉበት ቦታ» ይሉ ነበር። ሦስቱም ስለ አንድ ሕንፃ ነው የሚናገሩት። «ቢዛወሩ» የሚለውም ግስ እንዲሁ ማን እንደሚያዛውራቸው፣ በፈቃዳቸው ይሁን በደንብ አስከባሪ፣ ቀስ ብሎ ይሁን በአንድ ጠዋት፣ ምንም ሳይናገር ይንሳፈፋል። መልስ ሰጪው የፈለገውን ያህል ለስላሳ አድርጎ ይሳለውና «አዎ» ይላል።

ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው የበለጠ የሚመራበት ጊዜም አለ። ጥያቄው ስለ ጥቅሙ ስድስት ነገር ሲናገር ስለ ዋጋው አንድም ነገር አላለም፦ ማዕከሉ ከአሁኑ ቦታ ምን ያህል ይርቃል፣ ለአንድ መደብ በቀን ስንት ይከፈላል፣ ገዢው አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ በመንገዱ ያገኘዋል ወይስ ባጃጅ ይሳፈራል? የዚህን ክብደት ለማሳየት አንድ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በጥር 2003 አሜሪካውያንን የሳዳም ሁሴንን አገዛዝ ለማስወገድ በኢራቅ ላይ ወታደራዊ እርምጃ መውሰድን ይደግፉ እንደሆነ ጠይቆ ነበር፤ 68 በመቶ ደገፉ። እርምጃው በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮችን ለጉዳት የሚዳርግ ቢሆንም ይደግፉ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ደጋፊዎቹ 43 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያው ሕዝብ ነው፣ ያው ወር ነው፤ የተለየው ዋጋው መነገሩና አለመነገሩ ነው። ከሁለቱ አንዱ እውነተኛው ሌላው ሐሰተኛው ነው አልልም። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዞ «ሕዝቡ በማንኛውም ዋጋ ይደግፋል» የሚል ሰው ግን ያልጠየቀውን እየመለሰ ነው።

አሁን ወደ እርማቱ ልግባ። ጥያቄ ቁጥር 3ን በአንድ ጊዜ «ገለልተኛ» ማድረግ አይቻልም፤ በውስጡ ቢያንስ ሦስት ጥያቄ አለና መጀመሪያ መፈታት አለበት። ሰዎች ምን ያደርጋሉ፣ ምን ደርሶባቸዋል፣ ምንስ ይመርጣሉ የሚሉት ሦስቱ ናቸው። ስለ ድርጊትና ስለ ገጠመኝ የሚጠይቁት ይቅደሙ፤ ለመልስ ሰጪው ይቀሉታል፣ ለመሥሪያ ቤቱም ማን ምን እንደመለሰ በኋላ ለይቶ ለማየት ይረዱታል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ በመንገድ ዳር ጉሊት ከሚሸጡ ሰዎች ስንት ጊዜ ያህል ገዙ?» የተወሰነ ጊዜ ይዟል፣ ማንንም አይወቅስም፣ «ምንም» የሚለውም መልስ እንደ ሌላው ሁሉ ይመዘገባል።

ሁለተኛውን ስጽፍ ራሴው ወጥመድ ውስጥ ገብቼ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ «ባለፉት 7 ቀናት በመንገድ ዳር ንግድ ምክንያት ከእግረኛ መንገድ ወርደው በአስፋልቱ ላይ ለመሄድ ተገድደው ያውቃሉ?» ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ ሳነበው «ተገድደው» የሚለው ቃል ዐይኔን ወጋው። መገደድ በደል ነው፤ ሰውየው በደል ተፈጽሞብዎታል ወይ ተብሎ እየተጠየቀ ነው። «በመንገድ ዳር ንግድ ምክንያት» የሚለውም ምክንያቱን አስቀድሞ ይነግረዋል፤ የቆመ መኪና፣ የፈረሰ ቦይ ወይም የተከመረ አሸዋ ቢሆንስ? ስለዚህ በሁለት ከፈልሁት፦ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ በእግርዎ ሲሄዱ ከእግረኛ መንገድ ወርደው በመኪና መንገድ የሄዱበት ጊዜ ነበር?» ነበር ላለው ሰው ብቻ ደግሞ «ለምን ነበር የወረዱት?» የሚለው ይከተላል፤ መረጃ ሰብሳቢዋ አማራጮቹን ጮክ ብላ ሳታነብ የተባለውን ትመዘግባለች። ጉሊት በእርግጥ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ በዚህ ጥያቄ ይወጣል፤ ያውም በገዛ ምስክሩ አንደበት።

ሦስተኛው የምርጫው ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም አማራጮች በጥያቄው ውስጥ በስማቸው መጠራት አለባቸው። «ቢዛወሩ ተገቢ ነው ብለው ያምናሉ?» ውስጥ የተጠራው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላውን መልስ ሰጪው ራሱ አስቦ፣ ራሱ ስም አውጥቶ፣ ከዚያም ሊቃወም ነው የሚጠበቀው። ያቀረብሁት እንዲህ ነው፦

«በዚህ ቀበሌ በመንገድ ዳር ጉሊት ስለሚሸጡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ሐሳብ ይሰማል። አንዳንድ ሰዎች የእግረኛው መንገድ ለመሄጃ እንዲሆን ወደ አዲሱ የገበያ ሕንፃ ይሂዱ ይላሉ። ሌሎች ሰዎች ደግሞ ገዢው በቅርቡ እንዲያገኛቸው አሁን ባሉበት ይቀጥሉ ይላሉ። አዲሱ የገበያ ሕንፃ ከዚህ ____ ርቀት ላይ ነው፤ ለአንድ መሸጫ ቦታ በቀን ____ ብር ይከፈላል። የእርስዎ ሐሳብ ከየትኛው ይቀርባል? 1. ወደ ሕንፃው ይሂዱ  2. ባሉበት ይቀጥሉ  3. ሌላ ሐሳብ (ይመዝገብ)  4. እስካሁን ሐሳብ የለኝም»

ለምን እንዲህ እንደጻፍሁት ጥቂት ላብራራ። ለየወገኑ አንድ አንድ ምክንያት ብቻ ሰጥቻለሁ፤ ርዝመታቸውም ተቀራራቢ ነው፤ ሦስት ምክንያት ያለው አማራጭ ከአንድ ምክንያት ካለው ጋር ቢቀርብ ሚዛኑ በቃላት ብዛት ብቻ ያጋድላልና። «ዘመናዊ የገበያ ማዕከል» የሚለውን «አዲሱ የገበያ ሕንፃ» አልሁት፤ አዲስ መሆኑ ማንም የሚያየው ነው፣ ዘመናዊ መሆኑ ግን ፍርድ ነው። «ሐሳብ የለኝም» የሚለውን የጨመርሁት ጉሊትም የማይገዛ፣ በዚያ መንገድም የማያልፍ ሰው ስላለ ነው፤ እርሱን አስጨንቆ አንዱን ማስመረጥ ቁጥር ያሳድጋል እንጂ ዕውቀት አይጨምርም። የአማራጮቹም ቅደም ተከተል ለግማሹ መልስ ሰጪ ይገልበጥ። በቃል የሚነበብ ነገር ሲሆን መጨረሻ ላይ የተሰማው በጆሮ ይቀራል፤ ታብሌቱ ይህን በራሱ እንዲያፈራርቅ ማዘዝ ለባለሙያዎቻችሁ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

እንዲህም ተደርጎ ፍጹም ገለልተኛ ሆነ አልልም። «አንዳንድ ሰዎች … ሌሎች ሰዎች» የሚለው አቀራረብ በተፈጥሮው ሁለቱ ሐሳቦች በሰው ዘንድ እኩል የተለመዱ ያስመስላቸዋል። ይህን ጉድለት የመረጥሁት የበፊቱ ጉድለት ስለሚብስ ነው፤ በተለይም በእኛ አገር፣ ቤቱ የገባን እንግዳ «አይደለም» ማለት በሚከብድበት። ይሉኝታ ያለው ሰው አንዱን ሲመርጥ ማንንም አያስቀይምም፤ «ሌሎች ሰዎችም እንዲህ ይላሉ» ከተባለማ ደፍሮ ይናገራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው «ያምናሉ?»፣ «ይስማማሉ?» የሚለው አጠያየቅ ነው፤ በመጠይቃችሁ ውስጥ በብዙ ቦታ ይገኛል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ስኮትላንድ ከብሪታንያ ለመለየት እ.ኤ.አ. በ2014 ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ የአካባቢው መንግሥት መጀመሪያ ያቀረበው ጥያቄ «ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን እንዳለባት ይስማማሉ?» የሚል ነበር። የብሪታንያ የምርጫ ኮሚሽን ጥያቄውን በሰዎች ላይ ከፈተሸ በኋላ «ይስማማሉ» የሚለው ሰውን ወደ «አዎ» ሊመራ ይችላል ብሎ ቃሉ እንዲወጣ መከረ፤ የመጨረሻው ጥያቄ «ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን አለባት?» ሆነ። ኮሚሽኑ በዚያ አላበቃም። ብሪታንያ ስለ አውሮፓ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔ ልታካሂድ ስትዘጋጅ «አባል ሆና ትቀጥል?» የሚለው ጥያቄ አንዱን ወገን ብቻ ስለሚጠራ፣ «አባል ሆና ትቀጥል ወይስ ትውጣ?» ተብሎ ሁለቱም እንዲጠሩ መከረ፤ ጥያቄውም በዚያው መሠረት ተለወጠ። እኔም ከላይ ያደረግሁት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጥያቄ ቁጥር 5 ሌላ ዓይነት በሽታ አለበት። «ጉሊት በመንገድ ዳር መኖሩ ለከተማዋ ዕድገት እንቅፋት አይሆንም ብለው አያምኑም?» ይላል። ይህ ወደ የትም አይመራም፤ ያደናግራል። «አዎ» ያለ ሰው «አዎ፣ እንደዚያ አላምንም» ማለቱ ነው ወይስ «አዎ፣ እንቅፋት አይሆንም» ማለቱ ነው? በአማርኛ ለአሉታ ጥያቄ «አዎ» ስንል አሉታውን ማጽናታችንም መካዳችንም ሊሆን ይችላል፤ በወሬ መሐል ድምፃችንና ፊታችን ይለየዋል፣ ታብሌቱ ላይ ግን የሚቀረው አንድ ፊደል ነው። ሮፐር የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 ናዚዎች በአይሁድ ላይ የፈጸሙት ዕልቂት «ጨርሶ አልተፈጸመም የሚለው ነገር ሊሆን የሚችል ይመስልዎታል ወይስ የማይቻል?» ብሎ ቢጠይቅ 22 በመቶው ሊሆን ይችላል ስላለ አገሩ ደነገጠ። በ1994 ድርብ አሉታው ወጥቶ በቀጥታ ሲጠየቅ ያው ድርጅት ያገኘው 1 በመቶ ያህል ነበር። የተቀሩት ጥያቄውን እንጂ ታሪኩን አልሳቱም ነበር። የቁጥር 5 እርማት አጭር ነው፦ «ጉሊት በመንገድ ዳር መኖሩ የከተማዋን ዕድገት ይረዳል፣ ይጎዳል ወይስ ለውጥ አያመጣም?»

ቁጥር 7 ላይ «መሥሪያ ቤቱ የመንገድ ዳር ንግድን ሥርዓት ለማስያዝ የሚያደርገው ጥረት የሚበረታታ ነው» ተብሎ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ በመጠኑ እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚሉ አራት ሳጥኖች ተሰጥተዋል። ሦስቱ በአንድ ወገን፣ አንዱ በሌላው ናቸው። ሳጥኖቹን ሳያይ የሚመልስ ሰው እንኳ ሲነበቡለት «መካከለኛው» በመጠኑ መስማማት መስሎ ይሰማዋል። «መሥሪያ ቤቱ በመንገድ ዳር ንግድ ረገድ የሠራውን ሥራ እንዴት ያዩታል? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩም መጥፎም ያልሆነ፣ መጥፎ፣ በጣም መጥፎ» ቢባል ይበቃል። የጥያቄዎቹንም ተራ ተመልከቱት፤ ቁጥር 1 ስለ ትራፊክ አደጋ፣ ቁጥር 2 ስለ ጽዳት ከጠየቁ በኋላ ነው ቁጥር 3 የሚመጣው። ሁለቱን ወደ ኋላ መውሰድ ምንም አያስወጣም።

መጠይቁ በአፋን ኦሮሞም እንደተዘጋጀ አውቃለሁ፤ በጅማ እንዲያ ካልሆነ አስተያየት ሰበሰብሁ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከአማርኛው ተተርጉሞ ከሆነ ክሱም አብሮ ተተርጉሟል፣ ክብደቱም ተለውጧል። አፋን ኦሮሞ ስሙን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል፤ ስለዚህ በአማርኛ ቀድሞ የሚሰማው ወቀሳ በዚያ ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ ሁለቱ መልስ ሰጪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ አልሰሙም። ገላጮቹ ሲወጡ ይህ ችግር አብሮ ይቀላል። ቢሆንም የሁለቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢጽፉት እንጂ አንዱ የሌላውን ቢገለብጥ አልመክርም።

ይህ ሁሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አላልሁም። መጠይቅ የሚጽፍ ሰው ችግሩን ለመፍታት የተነሣ ሰው ስለሆነ ችግሩ በቃላቱ ውስጥ ይገባል። ከዓመታት በፊት በማና ወረዳ ስለ ቡና አደራረቅ መጠይቅ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። «ቡናዎን የሚያደርቁት ጥራቱን በሚጠብቀው አልጋ ላይ ነው ወይስ በመሬት ላይ?» ብዬ ጻፍሁ። ገበሬዎቹ አንድ በአንድ «በአልጋ» አሉ። ከአንዱ ቤት ስንወጣ በጓሮው በኩል አለፍን፤ ቀዩ ቡና በባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ ዶሮዎች በመሐሉ ይጭሩ ነበር። ሰውየው አብሮን ነበር፣ እኔም አየሁት፣ እርሱም ማየቴን አየ፣ ሁለታችንም ምንም አላልንም። ዋሽቶኝ አልነበረም፤ የትኛው መልስ እንደሚያስደስተኝ ነግሬው ያንኑ ሰጠኝ። «ጥራቱን በሚጠብቀው» የሚሉትን ሁለት ቃላት አውጥተን፣ «ዘንድሮ የለቀሙትን ቡና የት ላይ ነው ያሰጡት?» ብለን ሌላ መንደር ስንጠይቅ «መሬት ላይ» የሚለው መልስ ያለ ሐፍረት መጣ።

የታረመው መጠይቅ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ፈተና እንዲያልፍ እጠይቃለሁ። አንደኛው ከአሥር ሰው በላይ አይፈልግም። ለአምስት ጉሊት ለሚሸጡና ለአምስት በዚያው መንገድ ሱቅ ላላቸው ሰዎች ጥያቄው ይነበብ፤ መልሳቸው ሳይሆን «ምን ተብለው እንደተጠየቁ በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» ተብሎ የሚሉት ይመዝገብ፤ «ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው ምን እንዲመለስለት የፈለገ ይመስልዎታል?» የሚለውም ይጨመር። ሁለቱም ወገን ለመጨረሻው «አላውቅም» ካሉ ጥያቄው ደርሷል። ሁለቱም አንድ መልስ ከጠቆሙ ወደ ጠረጴዛው ይመለስ። እማማ ያችን ጥያቄ የፈቱት በዚህ መንገድ ነበር፣ ማንም ሳያስተምራቸው።

ሁለተኛው፣ አቅም ካለ፣ ሁለቱን ጽሑፎች ማፎካከር ነው። 400 ነዋሪ በዕጣ ለሁለት ይከፈልና 200ው የድሮውን፣ 200ው አዲሱን ይጠየቅ። ሰዎቹ በዕጣ ስለተከፈሉ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚታየው ልዩነት የቃላቱ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብዛት እስከ 10 ነጥብ የሚደርስ ልዩነት በዕድል ብቻ ሊመጣ ስለሚችል ከዚያ በታች በሆነው ላይ ብዙ እንዳይባል። ሰዎቹ ከየሰፈሩ በጅምላ ከተመረጡ ደግሞ ይህ ወሰን ይሰፋል። ናሙናውን በተመለከተ የማነሣው ነገር የለኝም፤ አልመረመርሁትምና። ቃሉ የታረመ መጠይቅ ቀን ላይ ቤት የሚውሉትን ብቻ ከጠየቀ አሁንም ያጋድላል፤ ያ ግን ሌላ ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ቁጥር 3፣ 5 እና 7 እስኪታረሙ ሥራው በቀሩት ቀበሌዎች ይቆይ፤ እስካሁን የተሰበሰበው የቁጥር 3 መልስ ከአዲሱ ጋር እንዳይደመር፤ ውጤቱም ይፋ ሲሆን ከየቁጥሩ በላይ ነዋሪው የተጠየቀው ጥያቄ ቃል በቃል ይታተም። ከላይ ያቀረብሁትን ረቂቅ እንዳለ መውሰድም መለወጥም ትችላላችሁ። በምርጫው ጥያቄ ውስጥ ክፍት የተውኋቸውን ሁለት ቦታዎች ግን እኔ ልሞላቸው አልችልም። ሕንፃው ከየቀበሌው ምን ያህል እንደሚርቅና አንድ መደብ በቀን ስንት እንደሚከፈልበት የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ያች ወጣት ወደ ቀጣዩ ቤት ከመሄዷ በፊት እንድትሞሉላት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ነዋሪ